ቁጥሩን አምናችሁ ልጁን ፀሐይ ላይ አትስደዱት

እኩዮቼ፣ የላስታ አያቶች፣ የክርስትና አባቶችና እናቶች፣ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ይህን ማስጠንቀቂያ ለወጣቶቹ አልጻፍኩትም። ጠዋት ከብት አስነድተን ልጁን ሜዳ የምንሰደው እኛ ነን። ለንግሥ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ስንወጣ እጁን ይዘን የምናስከትለውም እኛ ነን። ልጆቻችን ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ማዶ የላኩትን የፀሐይ መከላከያ ክሬም ተቀብለን፣ «አምሳ ይላል፣ ጠንካራ ነው» ብለን ጠዋት ቀብተን ቀኑን ሙሉ የምንረሳውም እኛው ነን። ክሬም ያጣ ልጅ ያሰጋኛል፤ ክሬም ያለው ግን ይበልጥ ያሰጋኛል። ያጣውን ቢያንስ «ጥላ ሥር ተቀመጥ» እንለዋለን፤ የተቀባውን ማንም አያየውም።

ስለየትኛው ልጅ እንደምናገር ላስቀድም። አብዛኞቹ የላስታ ልጆች ቆዳቸው ውስጥ ያለው ጥቁር ቀለም ራሱ መከላከያቸው ነው፤ እነሱን በክሬም ካላጠብን ብሎ እናቶችን ማስጨነቅ ገንዘብ ማባከን ነው። እኔ የምናገረው ከአልቢኒዝም ጋር ስለተወለደው ልጅ ነው። ጸጉሩ ቢጫማ ወይም ነጭ፣ ቆዳው የነጣ፣ ዓይኑ ብርሃን ሲያይ የሚጨፈንና የሚርገበገብ፣ የመንደሩ ልጆች «ፈረንጁ» የሚሉት ልጅ ነው። ለምጽ አይደለም፣ አይተላለፍም፣ የማንም እርግማን አይደለም። አባትም እናትም ሳያውቁት የተሸከሙት ዘር ሲገናኝ የሚመጣ ነው። ቀለሙ ስለሌለው ግን እኛ ሳናስተውለው የምንቀበለው ፀሐይ እሱን ያቆስለዋል፤ ቁስሉም ዓመት እየቆየ ወደ ቆዳ ካንሰር ይሄዳል። ዕድሜዬን በጤና ጣቢያ ቁስል ማጠቢያ ክፍል ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ሃያ ዓመት በወጉ ሳይሞላቸው ጆሯቸው ጫፍ ላይ፣ ከንፈራቸው ላይ፣ ማጅራታቸው ላይ የማይድን ቁስል ይዘው የሚመጡትን አጥቤያለሁ። አብዛኞቹ በልጅነታቸው ከብት ጠባቂ ነበሩ።

ያለንበትንም አገር እንወቀው። ላሊበላ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ይምርሐነ ክርስቶስ ከዚያ ከፍ ይላል፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጉያ ነው። ሰው አንድ ሺህ ሜትር በወጣ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው የማይታየው ጨረር ከመቶ አሥር ያህል ይጨምራል፤ አየሩ ስለሚሳሳ የሚያጣራው የለም። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ አጋማሽና ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ልክ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። ብርዱ ደግሞ ያታልለናል። ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዘን ፀሐዩ ቀላል ይመስለናል፤ ያ ጨረር ግን ሙቀት የለውም፣ በእጅ አይዳሰስም። የነሐሴ ስስ ደመናም አብዛኛውን አያስቀረውም።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። ቱቦው ላይ ኤስፒኤፍ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት አሉ፤ ከአጠገባቸው 15 ወይም 30 ወይም 50 ተጽፏል። ብዙዎቻችን ይህን እንደ ሰዓት እናነበዋለን። አንድ የተማረ ጎረቤቴ ሳይቀር «ልጁ ያለ ክሬም በአሥር ደቂቃ ይቀላል፤ በሠላሳ ብታባዛው አምስት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ከብቱ እስኪመለስ ይበቃዋል» ብሎ አስልቶልኛል። ስሌቱ ትክክል ይመስላል፤ ልጅ የሚጎዳውም በዚህ ስሌት ነው።

ቁጥሩ የሚገኘው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የፈቃደኛ ሰው ጀርባ ላይ ክሬሙ ይቀባና ፀሐይን የሚመስል መብራት ይበራበታል። የተቀባው ቆዳ እስኪቀላ የፈጀው ጨረር ካልተቀባው ቆዳ ጋር ይነጻጸራል። ሠላሳ እጥፍ ከፈጀ ክሬሙ 30 ይባላል። የሚለካው እንግዲህ የጨረር መጠን ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ያለው ጨረርና ቀትር ስድስት ሰዓት ላይ ያለው ጨረር የትና የት ናቸው፤ አንዱን ቁጥር በሰዓት ማባዛት ለሁለቱ አይሠራም። በተጨማሪም ያ ሰው ላቡን አልጠረገም፣ በነጠላ ፊቱን አላበሰም፣ ከጥጃ ጋር አልታገለም። ክሬሙም ሳይቆጠብ፣ በሚዛን ተለክቶ ነው የተቀባለት።

ቁጥሮቹ እርስ በርስ ያላቸውን ርቀትም በወንፊት አስቡት። መቶ ጥሬ ብታፈስሱበት 15 የሚለው ወንፊት ሰባት ያህል ያሳልፋል፣ 30 የሚለው ሦስት፣ 50 የሚለው ሁለት፣ 100 የሚለው አንድ። ከ15 ወደ 30 መውጣት ትልቅ ነገር ነው። ከ30 ወደ 50 መውጣትም ከንቱ አይደለም፤ ለአልቢኒዝም ልጅ ሁለቱም ከቀረቡልኝ 50ውን አነሳለሁ። ከዚያ በላይ ያለው ግን ለዋጋው እንጂ ለልጁ ብዙ አይጨምርም። የአውሮፓ አገሮችም ከ50 በላይ የሆነውን ሁሉ «50 ሲደመር» ብቻ እንዲባል ያደርጋሉ፤ መቶ የሚል ሲጻፍ ሰው ፍጹም የተሸፈነ እየመሰለው ፀሐይ ላይ ይከርማል።

የተጻፈው ቁጥር ራሱ ሁልጊዜ እውነት እንዳልሆነም እወቁ። በ2025 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ ቾይስ የሚባለው የሸማቾች ድርጅት ገበያ ላይ ያሉ 20 የፀሐይ መከላከያዎችን በራሱ ወጪ ሲያስመረምር 16ቱ የጻፉትን ቁጥር ሳይሞሉ ቀርተዋል። ቁጥጥሩ ጥብቅ ነው በሚባልበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ሱቅ መስኮት ላይ ወራት ሙሉ ፀሐይ ሲበላው የከረመውን ቱቦ እኛ በምን ልባችን እንመነው? ሙቀት ክሬሙን ያበላሸዋል። ሲጨምቁት ውኃው ለብቻ፣ ቅባቱ ለብቻ የሚወጣ፣ እህል እህል የሚል ወይም ሽታው የተለወጠ ከሆነ ጣሉት፤ የማለቂያው ቀን ባይደርስም ጣሉት።

ከቁጥሩ ይልቅ ብዙ የሚያስፈራኝ የሚከተለው ነው። የፀሐይ የማይታይ ጨረር ቆዳችን የሚደርሰው በሁለት ዓይነት ነው። ዩቪቢ የሚባለው ከላይ ያቃጥላል፤ ቆዳውን የሚያቀላው፣ የሚያሳክከው፣ የሚልጠው በዋናነት እሱ ነው። ዩቪኤ የሚባለው ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ወዲያው አያሳምምም፣ ቆዳን ግን እያደር ያስረጃል፣ በካንሰሩም እጅ አለበት። ዩቪኤ ጠዋትም ማታም አለ፣ በመስታወትም ያልፋል። ከላሊበላ በጋሸና ወደ ወልድያ ስንወርድ ልጁን መስኮት አጠገብ አስተኝተን የምንሄደው ጥላ ውስጥ ያለ እየመሰለን ነው፤ የጎን መስታወቱ ዩቪቢን አብዛኛውን ቢያስቀርም ዩቪኤን ያስገባዋል።

ኤስፒኤፍ የሚለው ቁጥር የሚናገረው በዋናነት ስለሚያቀላው ጨረር ነው። ስለሁለተኛው የሚናገረው ሌላ ጽሑፍ ነው፤ ብሮድ ስፔክትረም ይሉታል፣ ሁለቱንም ዓይነት ጨረር ይከላከላል ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ክሬም ኤስፒኤፍ 50 ብሎ ያ ጽሑፍ ከሌለው ምን እንደሚሆን አስቡ። ልጁ ሜዳ ይውላል፣ አይቀላም፣ አያለቅስም። ቀድሞ «አቃጠለኝ» ብሎ ወደ ጥላ ይሮጥ ነበር፤ አሁን የሚያስጠነቅቀው ሕመም ጠፍቷል። እኛም «ክሬሙ ሠራ» ብለን ነገም እንሰደዋለን። ሁለተኛው ጨረር ግን ቀኑን ሙሉ ሲገባ ዋለ። እንዲህ ያለው ክሬም ልጁ ከነጭራሹ ካልተቀባበት ቀን ይልቅ ረጅም ሰዓት ፀሐይ ላይ ሊያቆየው ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ የብሮድ ስፔክትረምን ፈተና ያላለፈ ወይም ከ15 በታች የሆነ ክሬም «ከመቃጠል እንጂ ከቆዳ ካንሰር እንደሚከላከል አልታየም» የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አዝዟል። «ውኃ ፈጽሞ የማያስገባ»፣ «ላብ የማይነካው» የሚሉ አባባሎችንም ከልክሏል።

ወደኛ የሚመጣው ቱቦ ከየአገሩ ስለሆነ ምልክቱም ይለያያል። ከአሜሪካ የመጣው ላይ ብሮድ ስፔክትረም የሚለው ከቁጥሩ ጋር አብሮ ይጻፋል። ከአውሮፓ የመጣው ላይ ዩቪኤ የሚሉ ሦስት ፊደላት በክብ መስመር ተከብበው ታገኛላችሁ፤ ክቡ ከሁለተኛው ጨረር የሚከላከለው ኃይል ቢያንስ የኤስፒኤፉን ሢሶ ይደርሳል ማለት ነው። ከጃፓንና ከኮሪያ የመጣው ላይ ፒኤ ይልና የመደመር ምልክቶች ይደረደራሉ፤ ሦስትና አራት ከሆኑ ጥሩ ነው። እንግሊዝኛ አላነብም የሚል ሰው ቱቦውን ሰባተኛ ክፍል ለደረሰ የልጅ ልጁ ይስጥና «ቁጥሩን ተወው፤ ክቡን፣ ብሮድ ወይም ፒኤ የሚለውን ፈልግልኝ» ይበለው። ካልተገኘ ያ ክሬም ለዚህ ልጅ አይሆንም። ምንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ማንም ቢልከው አይሆንም።

በዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። የማድያት ክሬም፣ ፊት የሚያቀላ ክሬም፣ የሴቶች መዋቢያ ሁሉ ዛሬ ኤስፒኤፍ 15 ተብሎ ይጻፍበታል። እሱን «የፀሐይ ነው» ብለው ሕፃን ፊት ላይ የሚቀቡ እናቶች አይቻለሁ። ከእነዚህ ውስጥ ስቴሮይድ፣ ሃይድሮኪኖን፣ ሲከፋም ሜርኩሪ ያለባቸው አሉ፤ የሕፃንን ቆዳ ያሳሱታል፣ ለፀሐይ ይበልጥ ያጋልጡታል። ቅቤና ቫዝሊንም ቆዳ ያለሰልሳሉ እንጂ ፀሐይ አይከላከሉም።

ለትንሽ ልጅ ስትመርጡ ከጀርባው ያለውን የንጥረ ነገር ዝርዝር አስነብቡ። ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚል ፈልጉ። እነዚህ ማዕድን ናቸው፤ ቆዳው ላይ ተቀምጠው ጨረሩን ያስቀራሉ፣ ወደ ውስጥ እምብዛም አይገቡም፣ የሕፃን ቆዳንና ዓይንን እንደሌሎቹ አያቃጥሉም። ከሁለቱ ዚንኩ ለዩቪኤ ይበልጣል። ወፈር ይላል፣ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ይህ ለእኛ ጥቅም ነው፣ የት እንደተቀባና የት እንደተረሳ በዓይን ይለያል። ሽቶ የበዛበትን ተዉት። የሚረጨውን አትግዙ፤ ልጁ ይተነፍሰዋል፣ በላስታ ነፋስ ደግሞ ግማሹ ገደል ይገባል። ቱቦው ላይ የሕፃን ሥዕል መኖሩ ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ ሥዕሉን አልፋችሁ ዝርዝሩን እዩ። አዲስ ክሬም ስትጀምሩ መጀመሪያ ክንዱ ውስጠኛው ላይ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ፤ ካሳከከው ወይም ሽፍ ካለበት ቀይሩ። ታንዛኒያ ሞሺ ከተማ ኪሊሰን የሚባል ክሬም አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ተብሎ ይመረታል፤ በአፍሪካ ፀሐይ ለዚህ ቆዳ የታሰበ ነገር መኖሩን ብታውቁ ብዬ ነው።

አሁን የሚቀባውን መጠን ስሌት አብረን እንሥራ። የስድስት ዓመት ልጅ እንውሰድ፣ ሃያ ኪሎ ገደማ የሚመዝን። የቆዳው ስፋት ወደ 8,000 ስኩዌር ሴንቲሜትር ይደርሳል። ላቦራቶሪ ውስጥ ቁጥሩ የተለካው በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲሜትር ሁለት ሚሊግራም ተቀብቶ ነው። ይህ ልጅ ቁምጣና አጭር እጅጌ ለብሶ ሜዳ ቢወጣ ግማሽ ገላው ያህል ክፍት ነው፤ በአንድ መቀባት ስምንት ግራም ይፈልጋል። ክሬም በየሁለት ሰዓቱ፣ ካላበውም ከዚያ ቶሎ ይደገማል። በቀን ሦስት ጊዜ ብንቀባው 50 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ቱቦ በሁለት ቀን ያልቃል። ማን ይችለዋል? ማንም አይችለውም። ስለዚህ እንቆጥባለን፤ ስንቆጥብ ደግሞ ቁጥሩን እንቆርጠዋለን። በግማሽ መጠን የተቀባ 30 እንደ 15 ወይም ከዚያ ባነሰ ይሠራል፣ እንደ ዱቄት የተነሰነሰማ ስም ብቻ ይሆናል።

ያንኑ ልጅ አሁን ረጅም እጅጌ፣ ረጅም ሱሪ፣ ሽፍን ጫማና ዙሪያው ክንፍ ያለው ባርኔጣ አልብሱት። የቀረው ፊቱ፣ ጆሮው፣ አንገቱና እጆቹ ናቸው። ለእነዚህ በአንድ ጊዜ ሁለት ግራም ትንሽ ከፍ ያለ፣ ማለት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ያው ቱቦ ሰባት ቀን ያህል ይሄዳል። እንግዲህ ቤታችሁ ያለውን ቱቦ አንሡና ራሳችሁን ጠይቁ፦ ስንት ጊዜ ቆየ? በየቀኑ እየተቀባ ሦስት ወር ከቆየ፣ ልብስ የለበሰው ልጅ እንኳ ከሚያስፈልገው ከአሥር እጅ አንዱን አላገኘም። የተጻፈው 50 ይሁን 100 በዚያ መጠን ልዩነት የለውም። ቱቦው ቶሎ ማለቁ ነው በደንብ መቀባቱን የሚነግራችሁ።

ልብሱም ይመረጥ። ነጠላ አንዱን ድርብ ወደ ብርሃን አንሡትና እዩ፤ ብርሃኑ አልፎ ከታያችሁ ጨረሩም ያልፋል፣ ከራሰ ደግሞ ይብሳል። ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ፣ ቀለም ያለው፣ ወይም ጋቢ ይሻላል። ኮፍያ ግንባርን እንጂ ጆሮንና ማጅራትን አያድንም። አንድ ነገር አደራ የምላችሁ ስለ ቁንጮው ነው። የልጁን ራስ ዙሪያውን ላጭተን ቁንጮ ማስቀረት የአባቶቻችን ወግ ነው፤ ለሌላው ልጅ ይሁን። ለዚህ ልጅ ግን የተላጨ ራስ ማለት ክፍት ቆዳ ነው። ጸጉሩን አሳድጉለት።

በንግሡ ቀን እንዴት እንደሚሆን ልናገር። ጥቅምት 19 ለይምርሐነ ክርስቶስ ስንወጣ፣ መኪናው ከታች ከመቆሙ ሩብ ሰዓት በፊት ግማሽ የሻይ ማንኪያውን ቀቡት፤ ክሬም ቆዳ ላይ እስኪረጋ ጊዜ ይፈልጋል። በጣት ጫፍ ነካ ነካ አታድርጉ። የጆሮውን ጫፍና ከጆሮው ጀርባ፣ ማጅራቱን፣ የታችኛውን ከንፈሩን፣ የእጁን ጀርባ አትርሱ፤ ቁስል ሆነው ያየኋቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው። በጽዱ ጫካ ውስጥ ያለውን ዳገት በጥላ በጥላው አስወጡት። ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው በዋሻ ውስጥ ነው፤ ልጁ ዋሻው ውስጥ እስካለ ክሬም አያስፈልገውም። አደጋው ከቅዳሴ በኋላ ነው። ሕዝቡ ይፈስሳል፣ ጠበሉ ጸዲቁ ይቀርባል፣ እኛ ወግ እንይዛለን፣ ልጁ ደጅ ከጓደኞቹ ጋር ይሮጣል። በዚያ ወር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የሰው ጥላ ከራሱ ቁመት ያጥራል። ጥላው ካጠረበት ልጅ ከዋሻው አፍ አይውጣ። ጥላው ሲረዝም ጠዋት የተቀባው አልቋልና ሌላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀብታችሁ ውረዱ፤ ካህናቱ እንደሚይዙት ያለ ጃንጥላም ይያዝለት። በዚያ ቀን ሁለት ጊዜ መቀባት በቂ የሆነው ዋሻው አብዛኛውን ሥራ ስለሠራ ነው። እረኛ ሆኖ ሜዳ የሚውልን ልጅ ግን አራት ጊዜ መቀባትም አያድነውም። ይህ ልጅ ከብት አይጠብቅ። ምትክ እረኛ መፈለግ ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አይጠብቅ።

ስለ ጨቅላዎች ደግሞ እናንተ አያቶች በተለይ ስሙኝ፣ ፀሐይ የምታሞቁት እናንተ ናችሁና። ጥቁር ቆዳ ያለውን ሕፃን ጠዋት ፀሐይ ማሞቅን አልነቅፍም፤ አጥንቱ እንዳይጣመም ይጠቅመዋል፣ ጤና ጣቢያም የሚመክረው ነው፣ እሱን ክሬም አትቀቡት። ከአልቢኒዝም ጋር የተወለደውን ጨቅላ ግን ልብሱን አውልቃችሁ፣ ቅባት ቀብታችሁ ፀሐይ ላይ አታስተኙት። ለአጥንቱ የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ በጠብታ እንዲሰጠው ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን በመሠረቱ ክሬም አይቀባም፤ ቆዳው ስስ ነው፣ ከክብደቱ ጋር ሲተያይ ስፋቱም ብዙ ነው። መከላከያው ጥላ፣ ልብስና የእናቱ ጋቢ ነው። መንገድ ላይ ጥላ ጨርሶ ከታጣ ብቻ የማዕድኑን ክሬም ፊቱና የእጁ ጀርባ ላይ በጥቂቱ ይቀባል። በቀጥታ ዓይኑ ሥር አይቀባ፣ እጁንም አፉ ውስጥ እንዳይከት ጠብቁት።

ከእንግዲህ በየወሩ መጀመሪያ ልጁን ብርሃን ወዳለበት ደጃፍ፣ ከፀሐይ ግን ገለል አድርጋችሁ ጆሮውን፣ ከንፈሩን፣ ማጅራቱንና የእጁን ጀርባ ዳስሱ። እንደ አሸዋ የሚሻክር፣ ታጥቦ የማይለቅ ቅርፊት ካገኛችሁ የመጀመሪያው ምልክት እሱ ነው፤ በዚያን ጊዜ በቀላሉ ይታከማል። አንድ ወር ያልዳነ ቁስል፣ ሲነኩት የሚደማ ወይም እንደ ቀንድ የጠጠረ እድገት ካለ አትጠብቁ። ጠበል መጠመቁ አይከለከልም፣ ሕክምናውን ግን አያዘግየው። ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የቆየ ቤት ነው፤ አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ደግሞ አለርት መውሰድ ይችላል። ስትሄዱ የምትቀቡትን ቱቦም ይዛችሁ ሂዱና ሐኪሙ ጀርባውን ያንብብላችሁ።